መጀመሪያ ሁዲው ይውለቅ

የድሮ ፎቶ ቤቶችን የሚያስታውስ ሰው ከመስተዋቱ አጠገብ ሚስማር ላይ የተሰቀለችውን ኮት አይረሳትም። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሁሉ ይለብሳታል፤ ለቀጭኑም ለወፍራሙም ትበቃለች፤ ከረባቷም አስቀድሞ ታስሮ ነው የሚጠብቀው። ካሜራው ከደረት በታች ስለማይወርድ ደንበኛው ከታች በቁምጣ ይሁን በነጠላ ጫማ ማንም አያይበትም። ኮምፒውተር ሲመጣ ኮቷ ወደ ፎቶሾፕ ገባች። ባለሙያው አንገት የሌለው የሱፍ ምስል ከፋይሉ ያወጣና ከደንበኛው አገጭ ሥር ይለጥፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ከሱፉ ጎን ብቅ የሚለውን የድሮ ልብስ መፋቅ ነው።

ዛሬ ይኸው ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር እየተሠራ ነው። ፎቶው ለምስል አርታኢ ሞዴል ይሰጣል፤ የሚፈለገው ልብስ በጽሑፍ ይነገራል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ አዲሱ ምስል ይመጣል። ብቅ የሚለው የድሮ ልብስ ነገር ግን ከፎቶሾፕ ዘመን ጋር አብሮ አላለፈም፤ መልኩን ለውጦ ቀጥሏል። እሱን ለማስወገድ የሚረዳው ዘዴ ደግሞ በጣም ቀላል ነው። የሚለበሰውን ብቻ ከመናገር ይልቅ የሚወልቀውንም በስሙ መጥራት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ወጣት ቆብ ያለው ግራጫ ሁዲ ለብሶ ግድግዳ ፊት የተነሳው ፎቶ አለ። ቆቡ ከማጅራቱ ኋላ ተጣጥፎ ወድቋል፤ ሁለት ነጫጭ ገመዶች ደረቱ ላይ ተንጠልጥለዋል። ፎቶውን ለሥራ ማመልከቻ ስለፈለገው ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጽፈውን ዓይነት ትእዛዝ ጻፈ፦

```
Make him wear a navy suit and tie.
```

ጥቁር ሰማያዊ ሱፍና ከረባት አልብሰው ማለቱ ነው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ አንዳንዴ ያለ እንከን ይሳካል። ሲበላሽ ግን የሚበላሸው በሚታወቅ መንገድ ነው። ሱፉ ይመጣል፣ ከረባቱም ይመጣል፤ ከጆሮው ሥር ወደ ማጅራቱ ሲታይ ግን የኮቱ ኮሌታ ግራጫ ሆኖ ያበጠ ነገር ተሸክሟል። ቆቡ ነው፣ አልወለቀም። ከገመዶቹም አንዱ ከከረባቱ ጎን ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ቀርቷል። በቅርብ ላላየው ሰው መልኩ ሱፍ ነው፤ ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሁዲ ላይ የተደረበ ሱፍ ነው። ሁለተኛው ትእዛዝ ረዘም ይላል፦

```
Replace the gray hoodie, including its hood and drawstrings,
with a navy suit, white shirt and dark red tie.
Keep his face, hair and the background unchanged.
```

እዚህ ላይ ግራጫው ሁዲ ከነቆቡና ከነገመዱ ተጠርቷል፤ በምን እንደሚተካ ተነግሯል፤ ፊቱ፣ ጸጉሩና ከኋላው ያለው ደግሞ እንዳይነካ ተብሏል። ቆቡ በዚህኛው የመጥፋት ዕድሉ ከመጀመሪያው በጣም ይበልጣል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሞዴሉ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ጥቂት መግባት ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ሞዴሎች ብዙዎቹ ምስሉን ከባዶ ነው የሚሠሩት። መነሻቸው አንቴናው የተነቀለ ቴሌቪዥን ላይ የሚንጫጫውን ዓይነት ብናኝ ነው፤ ከዚያ ብናኙን ደረጃ በደረጃ እያጠሩ ምስል ያወጣሉ። በየደረጃው ሁለት ነገር ያያሉ፤ አንዱ የተሰጣቸው ፎቶ፣ ሌላው የተጻፈላቸው ትእዛዝ። ስለዚህ ሁልጊዜ በሁለት ገመድ ይሳባሉ። ፎቶው «እኔን ምሰል» ይላል፤ ጽሑፉ «እኔን ፈጽም» ይላል። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2022 መጨረሻ ይፋ ባደረጉት ኢንስትራክት ፒክስ ቱ ፒክስ በተባለው ሞዴል ሁለቱ ገመዶች ለየብቻቸው መቆጣጠሪያ ነበራቸው። የአንዱ ከፍ ሲል ምስሉ ፎቶውን አጥብቆ ይይዛል፣ የሌላው ከፍ ሲል ለትእዛዙ ይታዘዛል። በኋላ የመጡት ሞዴሎች መቆጣጠሪያውን ለተጠቃሚው ባያሳዩትም ጉተታው አልቀረም።

ጽሑፉ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ የሚያሸንፈው ፎቶው ነው። ይህ ደግሞ ጥፋት ሳይሆን የሚፈለግ ጠባይ ነው፤ ያለዚያ የልጁ ፊትም፣ ግድግዳውም በየሙከራው ይለዋወጥ ነበር። ችግሩ የመጀመሪያው ትእዛዝ ስለ ቆቡ ዝም ማለቱ ነው። ከማጅራት ኋላ ያለው ቦታ ለጽሑፉ ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ ፎቶው ወሰደው።

ጽሑፉ የትኛውን ቦታ እንደያዘ በዓይን ማየትም ተችሏል። በነሐሴ 2022 የጉግል ተመራማሪዎች ፕሮምፕት ቱ ፕሮምፕት በሚል ስም ባወጡት ሥራ እያንዳንዱ ቃል በምስሉ ላይ የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ካርታ ከሞዴሉ ውስጥ አውጥተዋል። ሞዴሉ ምስሉን 16 በ16 በሆነ መረብ ያየዋል እንበል፤ 256 ትንንሽ ክፍሎች ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ቃል፣ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ምን ያህል እንደሚያተኩር የሚናገር ቁጥር አለ። ቁጥሮቹ በብርሃን ቢተኩ «ኬክ» የሚለው ቃል ኬኩ ያለበትን፣ «ሎሚ» የሚለው ደግሞ ሎሚው የሚታይበትን ቦታ ያበራል። ተመራማሪዎቹ የሎሚ ኬክን የዱባ ኬክ ሲያደርጉ የአሮጌውን ቃል ካርታ ለአዲሱ ቃል አወረሱት። ኬኩ ቅርጹንና ቦታውን ሳይለቅ ዓይነቱ ብቻ ተለወጠ። ካርታውን ባያወርሱት አንድ ቃል መለወጥ ብቻ ሌላ ኬክ በሌላ ሳህን ያመጣ ነበር። አዲሱ ቃል የሚያርፍበትን ቦታ ያገኘው ከአሮጌው ቃል ነው።

ወደ ወጣቱ ፎቶ እንመለስ። «ሱፍ» የሚለው ቃል ሞዴሉ ከተማረባቸው ሥፍር ቁጥር የሌላቸው ፎቶዎች የያዘው ልማድ አለው። ትከሻን፣ ደረትን፣ ክንድን ያውቃል፤ የኮሌታውን መታጠፊያ ያውቃል። ከማጅራት ኋላ፣ ከኮሌታ በላይ ግን ሱፍ ኖሮ አያውቅም። ቆቡ የወደቀው በትክክል እዚያ ነው። «ሁዲ» እና «ቆብ» የሚሉት ቃላት ሲጨመሩ ካርታቸው ያንን ክፍት ቦታ ያበራል፣ ሞዴሉም የሚነካው የት ድረስ እንደሆነ ያውቃል። በቅርብ ዓመታት የወጡት ሞዴሎች ጽሑፉንና ምስሉን በተለየ መንገድ እያደባለቁ ስለሚያነቡ ካርታው እንደ ቀድሞው ጥርት ብሎ አይወጣ ይሆናል፤ ቃል ከቦታ ጋር የሚተሳሰርበት መሠረት ግን ያው ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያጋልጠው በዚያው ዓመት በጥቅምት ከሜታ ኩባንያ ተመራማሪዎች የወጣው ዲፍኤዲት የተባለው ዘዴ ነው። እሱ ሁለት ጽሑፍ ይቀበላል፤ ፎቶው ላይ አሁን ያለውን የሚገልጽና የሚፈለገውን የሚገልጽ። ፎቶው ላይ ብናኝ ይነሰነስበታል። ከዚያ ሞዴሉ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። «ይህ ፈረስ ነው ቢባል ብናኙ የትኛው ነው?» «ይህ የሜዳ አህያ ነው ቢባልስ?» ሁለቱ መልሶች እርስ በርስ ይቀናነሳሉ። ሣሩና ሰማዩ ላይ ሁለቱ መልሶች ስለሚቀራረቡ ልዩነቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ እንስሳው ላይ ግን ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ጎልቶ የወጣው ቦታ የሚቀየረው ነው፤ የቀረው አይነካም። ማንም በእጁ ወሰን አላሰመረም። ወሰኑ የወጣው ከሁለት ስሞች ልዩነት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ የአሮጌው ስም ነው።

ዛሬ ሰዎች የሚጠቀሙባቸው አርታኢዎች ይህን ቅነሳ በግልጽ ያደርጉታል ማለት አይደለም። ወደዚያው የሚያደርሳቸው ትምህርታቸው ነው። የበርክሌዩ ሞዴል የሠለጠነው ከ450 ሺህ በሚበልጡ ጥንዶች ነው፤ እያንዳንዱ ጥንድ «በፊት» እና «በኋላ» የሆኑ ሁለት ምስሎችና በመካከላቸው የምትቆም አንዲት አጭር ትእዛዝ አሉት። ከአዘጋጆቹ ምሳሌዎች አንዱ ጃኬቱ ከቆዳ እንዲሆን የሚያዝ ነበር፤ ሌላው የሱፍ አበባዎቹ በጽጌረዳ እንዲለወጡ ይጠይቃል። በሁለቱም ውስጥ አሮጌው ነገር በስሙ አለ። እዚያው ሥራ ላይ ፈረስ የምትጋልብ ልጅን «ዘንዶ ትጋልብ» የሚል ትእዛዝም አለ፤ ፈረሱ አልተጠራም። ስለዚህ ሞዴሉ አሮጌውን ከሁኔታው መገመት ይችላል። ግምቱ ቀላል የሚሆነው ግን አንድ ሰው የሚጋልበው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ነው። ልብስ እንደዚያ አይደለም። ሰው ካናቴራ ላይ ሹራብ፣ ሹራብ ላይ ጃኬት፣ ጃኬት ላይ ሻርፕ ይደርባል፤ ሱፍ አልብሰው ሲባል የትኛው እንደሚወልቅና የትኛው ከሥር እንደሚቀር ከትእዛዙ አይታወቅም።

ጉግልም ለራሱ ምስል አርታኢ ባወጣው መመሪያ ላይ የሰጠው ናሙና በዚሁ መንገድ የተጻፈ ነው። ሳሎን ውስጥ ያለውን ሰማያዊ ሶፋ ብቻ በቡናማ የቆዳ ሶፋ ለውጥ፣ ትራሶቹንና ብርሃኑን ጨምሮ የቀረውን አትንካ ይላል። «ሰማያዊ» የምትለዋ ቃል የገባችው ለጌጥ አይመስልም። ክፍሉ ውስጥ ሌላ መቀመጫ ቢኖር የትኛው እንደሚነሳ የምትለየው እሷ ናት። በልብስም ቀለም መጥራት የሚጠቅመው በተለይ ከአንድ ሰው በላይ ያለበት ፎቶ ላይ ነው። ፍሉክስ ኮንቴክስት የተባለውን ሞዴል በ2025 ያወጣው የጀርመኑ ብላክ ፎረስት ላብስ «እሷ»፣ «እሱ» ከማለት ይልቅ «አጭር ጥቁር ጸጉር ያላት ሴት» ብሎ መጥራትን ይመክራል። ይኸው መመሪያ ሌላም ነገር ያነሳል። ሰውየውን ወደ ቫይኪንግ ቀይረው ሲባል ሞዴሉ ፊቱንም ሊቀይር ይችላል፤ ልብሱን የቫይኪንግ አድርገው ሲባል ግን ፊቱ የመትረፍ ዕድል አለው። ትእዛዙ ሰውየውን ሲጠራ ሰውየው ይለወጣል፤ ልብሱን ሲጠራ ልብሱ።

አሁን ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር ይመጣል። ይህ ምክር ቦታውን ሲስት ጎጂ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚሠራው ትእዛዝ ለሚቀበሉ አርታኢዎች ነው። ከእነሱ ሌላ የውጤቱን መግለጫ ብቻ የሚያነቡ ሞዴሎች አሉ። በስቴብል ዲፊውዥን ተጠቃሚው የሚለወጠውን ቦታ ራሱ በብሩሽ ቀብቶ በጽሑፉ ሳጥን ውስጥ እዚያ ምን እንዲሣል እንደሚፈልግ የሚጽፍበት አሠራር አለ። ወሰኑ በብሩሽ ስለተሰመረ የአሮጌው ልብስ ስም የት እንደሆነ ለማሳየት አያስፈልግም። ይባስ ብሎ ሳጥኑ ውስጥ «ሁዲውን በሱፍ ተካ» ቢጻፍ ሞዴሉ «ተካ» የምትለዋን እንደ ትእዛዝ አያያትም፤ ሁዲና ሱፍ የሚሉ ሁለት ስሞች አግኝቷል፣ ሁለቱንም ሊሥል ይሞክራል። «ሁዲ የሌለው» ማለትም ብዙ ጊዜ አያድንም፤ «የሌለው» ደካማ ቃል ነው፣ «ሁዲ» ግን ብርቱ ምስል ይጠራል። እንዲህ ባለው መሣሪያ የአሮጌው ልብስ ስም ቦታው ሌላ ሳጥን ነው፦

```
Prompt: navy suit, white shirt, dark red tie
Negative prompt: hoodie, hood, drawstrings
```

ሁለተኛው ሳጥን የማይፈለገው የሚጻፍበት ነው። ሞዴሉ በየደረጃው ወደ መጀመሪያው ሳጥን እየቀረበ ከሁለተኛው እየራቀ ይሄዳል። ስሙ እዚህም ጠቃሚ ነው፤ የተቀየረው የሚገባበት በር ነው።

የተሳሳተ ስምም ከዝምታ የተሻለ አይደለም። ለምሳሌ ሁዲውን «ጃኬት» ብሎ የጠራ ሰው ሞዴሉን ያደናግረዋል፤ የሱፉም ኮት በእንግሊዝኛ ጃኬት ነውና ያለውን አስተካክል የተባለ ሊመስለው ይችላል። ያኔ የሁዲው ቁመና ያለው፣ በዚፕ የሚዘጋ ሱፍ ያመጣል። ሁዲው ብቻ ተጠርቶ ከሥሩ ያለው ክብ አንገት ካናቴራ ሲዘነጋ ደግሞ ከረባቱ በካናቴራ ላይ ይታሰራል። እንዲህ ያለውን ምስል አይቶ ያልሳቀ የለም፤ ጥፋቱ ግን የሞዴሉ ብቻ አይደለም፣ ካናቴራው እንዲወልቅ ማንም አላዘዘም።

የሀገር ልብስ ሲሆን ስሙን መጥራት ሌላ ችግር አለው። በበዓል ቀን ነጠላ ከትከሻዋ አጣፍታ የተነሳች ሴት ፎቶውን በጃኬትና በሸሚዝ ልታደርገው ብትፈልግ «ነጠላ» የምትለው ቃል ለሞዴሉ ምንም ላትነግረው ትችላለች። ከእነዚህ ሞዴሎች ብዙዎቹ ጽሑፍ ማንበብ የተማሩት በአመዛኙ ከእንግሊዝኛ መግለጫዎች ነው። ካርታ የሌለው ስም ደግሞ አልተጠራም ማለት ነው። ያኔ የሚያዋጣው የሚታየውን መግለጽ ነው፦

```
Replace the thin white cotton shawl with the colored woven border
on her shoulders, and the white dress under it,
with a black blazer and a plain blouse.
```

ስሱ ነጭ የጥጥ መደረቢያ፣ ከነባለቀለም ጥለቱ፣ ከሥሩ ካለው ነጭ ቀሚስ ጋር። ጥለቱን ለይቶ መጥራት የሚያስፈልገው ከነጩ ጨርቅ ይልቅ እሱ ተረፍ ስለሚሆን ነው፤ ደማቅና ጠባብ ስለሆነ አዲሱ ጃኬት ጫፍ ላይ እንደ ቅጠል ተለጥፎ ይቀራል። ስስ ጨርቅ ከሥሩ ያለውን ስለሚያሳይም ነጠላውና ቀሚሱ ሁለቱም መጠራት አለባቸው።

መሳካቱን ማወቅ የሚቻለው ምስሉን አተልቆ ጥቂት ቦታዎችን በማየት ነው። መጀመሪያ ከጆሮ ሥርና ከማጅራት፤ ቆብ፣ ሻርፕና ኮሌታ የሚደበቁት እዚያ ነው። ቀጥሎ የእጅ አንጓ፤ የሹራብ እጅጌ ጫፍ ከሸሚዙ እጅጌ ጋር ተጣብቆ ወፍራም ቀለበት ሊሠራ ይችላል። ከዚያ ጸጉር ትከሻ ላይ የሚያርፍበት መስመር፤ በጸጉሩ ዘለላዎች መካከል የአሮጌው ልብስ ቀለም ይታያል። በመጨረሻ ሁለቱን ፎቶዎች ባንድ ቦታ ደራርቦ እያፈራረቁ ማየት ነው። ፊቱ ከተንቀሳቀሰ፣ አገጩ ከቀጠነ ልብሱ ብቻ አልተለወጠም። አንድ ጊዜ ሞክሮ መፍረድም ስህተት ነው። መነሻው ብናኝ በዘፈቀደ ስለሚመጣ ደካማው ትእዛዝ በዕድል ሊሳካ፣ ጥሩውም በዕድል ሊበላሽ ይችላል። እያንዳንዱን አራት አራት ጊዜ ማስኬድ ልዩነቱን ያሳያል።

ስም በመጥራት የማይፈታም አለ። አሮጌው ልብስ ሸፍኖት የነበረውን አካል ሞዴሉ አይቶት አያውቅም። ረጅም እጅጌ በአጭር ሲተካ የሚታየው ክንድ የባለቤቱ አይደለም፤ ጠባሳው የለም፣ ንቅሳቱ የለም፣ ውፍረቱ ግምት ነው። የወጣቱም አንገት እንዲሁ ነው፤ ሁዲው ግማሹን ሸፍኖት ስለነበር ከሸሚዙ ኮሌታ በላይ የምትታየው አንገት የተፈለሰፈች ናት። ለሥራ ማመልከቻ ይህ ብዙም ላያስጨንቅ ይችላል።

ለዲቪና ለቪዛ ግን ያስጨንቃል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአመልካቹን መልክ በሚቀይር መንገድ በዲጂታል የተነካካ ፎቶ አይቀበልም፤ የፓስፖርት ፎቶ መመሪያውም ፎቶን በሶፍትዌር፣ በስልክ መተግበሪያ፣ በማጣሪያና በሰው ሠራሽ አስተውሎት መቀየርን ይከለክላል። ከመነሳት በፊት በእጅ የተለበሰ ኮት ላይ ግን ምንም ክልከላ የለም። ሚስማሩ ላይ የተሰቀለችው ኮት ለዚያ ፎቶ ዛሬም ታገለግላለች።